ከዓይን ሥር ጥቁረት ምንድን ነው? ሜካፕ የሚሸፍነውና የማይሸፍነው

ከአፍንጫ ጎን ተነሥቶ ወደ ጉንጭ አጥንት በቅስት የሚወርደው ጠቆር ያለ ቦታ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ አንድ ነገር አይደለም። በአንዷ ፊት ላይ የጠቆረው ቆዳው ራሱ ነው። በሌላዋ ላይ ቆዳው ደህና ሆኖ ሳለ ከሥሩ ያለው ደም ወደ ላይ ይታያል። በሦስተኛዋ ላይ ደግሞ የጠቆረ ነገር ጭራሽ የለም፤ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ የወደቀ ጥላ ነው። ሁለቱ ወይም ሦስቱ የተደራረቡበት ፊትም ብዙ ነው። ለአንዷ እህት ያማረ ኮንሲለር የተባለው መሸፈኛ ቅባት ለሌላዋ አመድ የሚመስለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ልዩነት የተነሣ ነው።

ለመለየት መስታወትና መስኮት ይበቃል። ፊትዎን ታጥበው፣ ምንም ሳይቀቡ፣ ብርሃን ከፊት ለፊት በሚያገኝዎት መስኮት አጠገብ ይቁሙ። ከጥቁረቱ በታች ያለውን ቆዳ በጣትዎ ቀስ ብለው ወደ ታች ሳብ ያድርጉት። ቡናማው ቀለም ሳይለወጥ ከቆዳው ጋር አብሮ ከወረደ የቆዳ ቀለም ነው። ቆዳው ሲወጠር ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ወይን ጠጅ እያደላ ከጎላ ደግሞ ደም ነው፤ ስስ ቆዳ ሲለጠጥ ይበልጥ ያሳያልና። ከዚያ ከመስኮቱ ይራቁና በጣሪያ አምፖል ሥር ቆመው ይመልከቱ። በመስኮቱ ብርሃን የጠፋው ጥቁረት እዚህ ሲደርሱ ተመልሶ ከመጣ፣ ያ ጥላ ነው። ብዙ ሰው በመታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት የሚበሳጭበት ጥቁረት ከላይ የሚያበራው አምፖል ሥራ መሆኑን ስነግር አይታመንልኝም።

የቆዳ ቀለም የሆነው ጥቁረት የሚመጣው ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም በዚያ ቦታ በብዛት ሲከማች ነው። እንደኛ ጠይምና ጠቆር ያለ መልክ ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል፤ ከእናት ወይም ከአባት የሚወረስበት ጊዜም ብዙ ነው። ፀሐይ ያባብሰዋል። ከፀሐይ ባልተናነሰ ደግሞ እሽታ ያባብሰዋል። በአለርጂ ዓይናቸው የሚያሳክካቸው ሰዎች በእጃቸው ጀርባ ባሹት ቁጥር ቆዳው ይቆጣል፣ የተቆጣ ቆዳ ደግሞ ሲድን ጠቁሮ ይቀራል። ኩል ወይም ማስካራ ለማስለቀቅ በየማታው ፎጣ ይዞ መፈተግም ያው እሽታ ነው።

የደሙ ታሪክ ሌላ ነው። የዓይን ቆብ ቆዳ ከሰውነታችን ቆዳ ሁሉ የሳሳ ነው፤ ከሥሩም ስብ የሚባል ነገር እምብዛም የለውም፣ ወዲያው ጡንቻና ጥቃቅን ደም ሥሮች አሉ። አፍንጫቸው በአለርጂ የሚታፈን ሰዎች ላይ በዓይን ዙሪያ ያለው ደም እንደልቡ ስለማይወርድ ይከማችና ሰማያዊው ይጎላል። እንቅልፍ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እንቅልፍ ማጣት ፊትን ያገረጣል፣ ዓይን ሥር ውኃ ያቁራል፤ የነበረውን ያጎላል እንጂ ቡናማ ቀለም አይፈጥርም። ስለዚህ ጥቁረቷን ከእናቷ የወረሰችውን ልጅ «አልተኛሽም እንዴ?» እያሉ መጨቅጨቅ ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ እንግባ። ሰማያዊ ወይም ግራጫ በሆነ ቦታ ላይ ነጣ ያለ ኮንሲለር ሲቀባ ከሥሩ ያለው ቀለም አይጠፋም፣ ይቀላቀላል። ሰማያዊና ነጣ ያለ የቆዳ ቀለም ሲቀላቀሉ ግራጫ ይሆናሉ፤ አመድ የነፋበት የሚመስለው ፊት የሚወጣው ከዚህ ነው። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ጥቁረቱ አልተሸፈነም ብለው ሌላ ንብርብር ይጨምራሉ፣ አመዱም ይጨምራል። መፍትሔው ከኮንሲለሩ በፊት የቀለም ማረሚያ ማድረግ ነው፤ ባለሙያዎች ኮሬክተር ይሉታል። ብርቱካናማ የሰማያዊ ተቃራኒ ስለሆነ ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ቀይ መልክ ላላቸው የኮክ ፍሬ ቀለም ያለው ይበቃል። ለቀይ ዳማና ለጠይም ፈዘዝ ያለ ብርቱካናማ፣ ጠቆር ላለ መልክ ደግሞ ወደ ቀይ የሚያደላ ደማቅ ብርቱካናማ ያስፈልጋል። ጠቆር ባለች ሴት ላይ የኮክ ቀለም ማድረግ ራሱ አመድ ይሆናል፤ እሷም በጣም ነጣ ያለ ነውና።

አንዲት ሙሽራ ለሠርጓ ሙከራ መጥታ የሠራነውን ልንገራችሁ። ጠይም ናት። የያዘችው ኮንሲለር ከመልኳ ሦስት ደረጃ ያህል የነጣ ነበር፤ «ዓይኔን ያበራልኛል ብዬ ነው፣ እትዬ» አለችኝ። መስኮቱ ጋ አቁሜ ሳያት ከአፍንጫዋ አጠገብ ያለው ክፍል ሲሳብ ወይን ጠጅ ሆነ፤ ወደ ውጭ ያለው ግን ቡናማ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በታች አንድ ቀጭን መስመር ነበረች፣ እሷ ፊቷን ወደ ብርሃኑ ቀና ስታደርግ የምትጠፋ። ሦስቱም በአንድ ዓይን ሥር ማለት ነው።

በመጀመሪያ ቀለል ያለ ቅባት ቀብተን ቆዳው እስኪጠጣው ጥቂት ደቂቃ ጠበቅን። ይህ መጠበቅ የሚዘለል ነው፤ ቅባቱ ገና ከላይ እያለ የሚቀባ ኮንሲለር ተንሸራትቶ መስመር ውስጥ ይሰበሰባል። ከዚያ ፈዘዝ ያለ ብርቱካናማ ማረሚያ፣ ለአንድ ዓይን የምስር ፍሬ የምታህል፣ ጥቁረቱ ባለበት ብቻ። የቀለበት ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ያነሰ ኃይል ስላለው በእሱ መታ መታ አድርገን አሳሳነው፤ አልጎተትንም። በዚህ ደረጃ ቦታው ብርቱካን መምሰል የለበትም፣ ሞቅ ያለ ጤናማ ቆዳ መምሰል አለበት። ብርቱካኑ ራሱ ከታየ ወይ በዝቷል ወይ ለመልኩ ደምቋል። በላዩ ከመልኳ ጋር የሚመሳሰል ኮንሲለር በስሱ አረፈ። ነጣ ያለው የራሷ ኮንሲለርም አልተጣለም፤ ከማረሚያው በኋላ በጥላዋ መስመር ላይ ብቻ በቀጭን ብሩሽ ጥቂት አስገባን። ጥላ ቀለም ስላልሆነ ብርቱካናማ ምንም አያደርግለትም፤ ጎድጓዳውን ነጣ በማድረግ ግን ትንሽ ወደ ፊት የወጣ ማስመሰል ይቻላል። ትንሽ ነው ያልኩት። ፊቷን ስታዞር መስመሩ ይመለሳል፣ ይህንንም ቀድሜ ነግሬያት ነበር።

በመጨረሻ ፓውደር፣ ያውም መስመር የሚሰበሰብበት ቦታ ላይ ብቻ። ለሠርግ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በጣም ነጭ የሆኑ ደቃቅ ፓውደሮች በመስታወት ሳይታዩ በካሜራ ብልጭታ ፎቶ ላይ ዓይን ሥር ነጭ ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ በሙከራው ቀን ብልጭታ ያለው ፎቶ አንስቶ ማየት ከማንኛውም መስታወት ይበልጣል።

ዓይን ሥሩ ያበጠ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያበጠውን ከረጢት በነጣ ኮንሲለር መሸፈን ይበልጥ ወደ ፊት ያወጣዋል። እዚያ እብጠቱ ከመልክ ጋር እኩል በሆነ ቀለም ይተውና ነጣ ያለው ከሥሩ ባለው ቅስት ጥላ ላይ ብቻ ይደረጋል። በዕድሜ ምክንያት ወደ ፊት የተገፋ ስብ ከሆነ ሜካፕ የሚያደርግለት ከዚህ አያልፍም።

እስካሁን ያነሣሁት ሁሉ የመልክ ጉዳይ ነው። ለዓመታት የኖረ፣ በሁለቱም ዓይን እኩል የሆነ፣ የማያምና የማያሳክክ ጥቁረት በቤተሰብ ውስጥም ካለ ከሜካፕ ሳጥን ውጭ የሚፈልገው ነገር የለም። ኮንሲለር አስቀምጦ ሐኪም ጋ መሄድ የሚገባው በሌሎች ሁኔታዎች ነው። ጠዋት ጠዋት ዓይን ዙሪያ የሚያብጥና እግርም የሚያብጥ ከሆነ ኩላሊት መታየት አለበት። ቆዳው የሚያሳክክ፣ የሚላጥ፣ የሚቀላ ከሆነ ኤክዜማ ወይም ለሚቀቡት ነገር የተፈጠረ አለርጂ ሊሆን ይችላል፤ ይህን በሜካፕ መሸፈን ያባብሰዋል። ጭንቅላት ከተመታ በኋላ በሁለቱም ዓይን ዙሪያ የሚወጣ ጥቁረት የራስ ቅል ስብራት ምልክት ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል ያስኬዳል። የደም ማነስም ብዙ ጊዜ ይጠረጠራል፤ ፊትን በማገርጣት ጥቁረቱን ሊያጎላው ይችላል፣ ነገር ግን ጥቁረት ብቻውን የደም ማነስ ማስረጃ አይሆንም። ድካምና የልብ ምት መፍጠን ካለ፣ የታችኛው ዓይን ቆብ ውስጡ ከገረጣ፣ ቀላል የደም ምርመራ ይለየዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ግላኮማ ለተባለው የዓይን በሽታ የሚታዘዙ አንዳንድ ጠብታዎች በጊዜ ብዛት የዓይን ዙሪያን ቆዳ የሚያጠቁሩ መሆናቸው ነው። ጠብታው ሲቀየር ጥቁረቱ በወራት ውስጥ የመቀነስ ዕድል አለው፤ ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቆም ግን ዓይንን ሊያሳጣ ይችላል።

በየሱቁ ያለ ማዘዣ የሚሸጡትን ማንጫ ክሬሞች ዓይን ሥር መቀባት ይህን ሁሉ ያወሳስበዋል። ብዙዎቹ ስቴሮይድ አለባቸው፣ ሜርኩሪ የተገኘባቸውም አሉ። ስቴሮይድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቦታውን ያነጣውና ያሠራ መስሎ ይታያል። ሲቆይ ግን ቀድሞውንም ስስ የሆነውን ቆዳ ይበልጥ ያሳሳዋል፣ ከሥሩ ያሉትን ደም ሥሮች ያወጣቸዋል፤ ለረጅም ጊዜ ዓይን አጠገብ ሲቀባም የዓይን ግፊት ሊጨምርና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። በዚህ መንገድ ቡናማ የነበረው ወይን ጠጅ ሆኖባቸው የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። ለእነሱ ማረሚያውን እቀይርላቸዋለሁ፤ ክሬሙን ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀቡ ግን ለቆዳ ሐኪም እንዲናገሩ፣ ማሸጊያውንም ይዘው እንዲሄዱ እነግራቸዋለሁ።