ድረ ገጹ ባለቤት አለው ወይስ ተትቷል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ግርጌው ላይ የዘንድሮ ዓመት ተጽፏል፤ ስለዚህ እየታደሰ ነው።»

ያን ቁጥር ብዙ ጊዜ ሰው አይጽፈውም። ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ገና ሲጀምር እንዲህ ያለች አንድ መስመር አስገብቶ ይሄዳል፦

```
<?php echo date("Y"); ?>
```

ከዚያ በኋላ በየፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ቁጥሩ ራሱን ይቀይራል። ማንም ሳይነካው፣ ድረ ገጹ እስካልተዘጋ ድረስ ይቀጥላል።

የአክስቴ ልጅ በ2018 መስከረም በዚህ ተሸውዳ ከሞጣ ባሕር ዳር ድረስ ሄዳለች። የአንድ የግል ኮሌጅ ገጽ «ምዝገባ እስከ አርብ መስከረም 20» ይላል። ዓመቱ አልተጻፈም። ግርጌው ላይ ግን 2025 አለ። እሷም አመነች። ስትደርስ ምዝገባው ካለቀ ሳምንት ሆኖታል።

ማታ ደውላ ስትነግረኝ ገጹን ከፈትኩት። ዓይኔ ያረፈው «አርብ» የምትለው ቃል ላይ ነው። በ2018 መስከረም 20 የዋለው ማክሰኞ ነው። አርብ የዋለው በ2015 ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በ2009። ስለዚህ ማስታወቂያው ቢያንስ የሦስት ዓመት ዕድሜ አለው። የዜና ክፍሉን ሳየው የመጨረሻው ዜና የተለጠፈው ታኅሣሥ 2015 ላይ ነው። ሁለቱ ተገናኙ። ዓመት የሌለው ማስታወቂያ ካጋጠማችሁ የዕለቱን ስም ከካላንደር ጋር አስተያዩት። ከደቂቃ በላይ አይፈጅም።

«2017 ይላል። ስምንት ዓመት ያለፈው ገጽ ነው።»

መጀመሪያ የማን አቆጣጠር እንደሆነ እዩ። በእኛ 2017 ማለት ከመስከረም 2024 እስከ መስከረም 2025 ድረስ ያለው ጊዜ ነው። አጠገቡ «ሰኔ» ወይም «ጳጉሜን» ካለ በአብዛኛው የእኛ ነው። «ጁን» ካለ የፈረንጅ ነው። ቁጥር ብቻ ከሆነ በዚያው ገጽ ላይ ያሉትን ሌሎች ቀኖች ፈልጉ። 13ኛ ወር ያለበት ቀን ካገኛችሁ ጥያቄው አለቀ።

«አንድ ሊንክ ነክቼ 404፣ ማለትም ገጹ አልተገኘም፣ አለኝ። ይሄ የተተወ ነው።»

ሊንኩ የሚወስደው ወዴት ነው? ስልክ ላይ ሊንኩን ጫን አድርጋችሁ ብትይዙት አድራሻው ይታያል። ወደ ሌላ ሰው ድረ ገጽ የሚወስድ ከሆነ የፈረሰው የዚያኛው ቤት ነው። በደንብ የሚጠበቅ ገጽም እንዲህ ያሉ የሞቱ ሊንኮች አያጣም፤ ጎረቤቶቹ አድራሻ ሲቀይሩ ማንም አይነግረውም።

ክብደት የሚሰጠው የራሱ የውስጥ ሊንክ ነው። ከላይ ባለው ሜኑ «ምዝገባ» ወይም «ክፍያ» የሚለውን ስትነኩ 404 ከመጣ፣ ባለቤቱ የራሱን በር ከፍቶ አያይም ማለት ነው። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ የኮሌጁን አድራሻ ጽፋችሁ የቁማር ገጽ ሲከፈት ነው። ያኔ የአድራሻው ክፍያ ሳይታደስ ቀርቶ ሌላ ሰው ገዝቶት ይሆናል፤ ወይም ገጹ ተጠልፏል። ምንም መረጃ አትሙሉበት።

«ስልኩ ጠራ፤ እንግዲህ አለ ማለት ነው።»

የሞባይል ቁጥር ሳይሠራ ከቆየ ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል። ያነሳው ሰው የድርጅቱን ስም ሳትነግሩት ራሱ ይበል። «የማን ስልክ ነው?» ብላችሁ ጀምሩ።

የመደበኛ ስልክ ደግሞ ከመደወላችሁ በፊት አሃዙን ቁጠሩ። ከመስከረም 1998 ወዲህ የአገራችን ቁጥር ከዜሮው ጋር 10 አሃዝ ነው፤ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ በ058 ይጀምራሉ። በ08 ጀምሮ ስድስት አሃዝ ብቻ የሚከተለው ቁጥር ካያችሁ የተጻፈው ከዚያ በፊት ነው፤ ወይም ከአሮጌ ወረቀት የተገለበጠ ነው።

ኢሜልም ይፈተናል። አጭር መልእክት ላኩ። ወዲያው `Address not found` የሚል ከተመለሰ አድራሻው የለም። ሣጥኑ ሞልቷል የሚል ከመጣ አድራሻው አለ፣ የሚያነበው ግን ያለ አይመስልም። ዝም ካለ ብቻውን ምንም አያሳይም፤ ሁለት ሦስት የሥራ ቀን ጠብቁት።

«ካልታደሰ አይጠቅምም።»

እንደምትፈልጉት ነገር ይለያያል። ስለ ጢስ ዓባይ አፈጣጠር የተጻፈ ገጽ አሥር ዓመት ሳይነካ ቢቆይም ትክክል ሊሆን ይችላል። የክፍያ መጠን፣ የምዝገባ ቀን፣ የአውቶቡስ ሰዓት ግን እንደዚያ አይደሉም። ቀን የሌለውን ጽሑፍ በውስጡ ባለው ነገር ገምቱት። የባሕር ዳሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ተመርቋል። «በመገንባት ላይ ያለው ድልድይ» የሚል ገጽ ከዚያ በፊት ተጽፏል፤ ከዚያ ወዲህም ያ አንቀጽ አልታረመም። እዚያው ገጽ ላይ የሆቴል ዋጋ ካለ በእሱ ተማምናችሁ ብር አትቁረጡ፤ ደውላችሁ ጠይቁ።