ብዙ ድመት ያለበት ቤት፦ ቦታ፣ ሳህን፣ መኝታና ድምፅ የሌለው ጠብ

ቤቱ ውስጥ ሁለት ሶስት ድመት ያለው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "አለቃው የቱ ነው?" ብሎ ነው። ግን ድመቶች ከላይ እስከ ታች የተደረደረ ማዕረግ የላቸውም። የቤት ድመት የመጣችው ብቻዋን ከምታድን የዱር ድመት ነው፣ አይጥ ደግሞ ለአንድ አፍ ብቻ ስለምትበቃ አንድ ላይ ተሰብስቦ መብላት የሚባል ነገር በተፈጥሮዋ የለም። ስለዚ ማዕረግ የሚመስለን ነገር አብዛኛውን ጊዜ የቦታና የሰዓት ክፍፍል ነው፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት የአንዷ ሆኖ ከሰዓት ያው መስኮት የሌላዋ ሊሆን ይችላል፣ ሶፋ ላይ ሁሌ ቦታ የምትለቀው ድመት ደግሞ ኪችን ውስጥ ማንንም ላታስጠጋ ትችላለች።

የሚዋደዱትን መለየት ያን ያህል አይከብድም። ይላላሳሉ፣ ሲተላለፉ ጎናቸውን ይተሻሻሉ፣ ተነካክተው ይተኛሉ፣ ሲገናኙ ጭራቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያቆማሉ። ጎን ለጎን መብላት ግን የፍቅር ምልክት አይደለም፣ ሳህኖቹ አንድ ቦታ ስለተቀመጡ አማራጭ አጥተው ነው የሚበሉት። ይሄን ነገር ብዙ ሰው ይሳሳትበታል።

ጠቡ ራሱ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም፣ ለዛ ነው የሚያመልጠን። ማጉረምረምና መቧጨር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ከዛ በፊት ያለው ማፍጠጥና መንገድ መዝጋት ነው። ለምሳሌ ሶስት ድመት ያለበት ቤት እናስብ፣ ሶስቱም ሳህን ኪችን ጥግ ላይ ተደርድሯል፣ የሚፀዳዱበት ሁለቱ የአሸዋ ሳጥን ደግሞ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ጎን ለጎን ነው ያለው። ግራጫው ወንድ ኮሪደሩ አፍ ላይ ዘና ብሎ ይጋደማል፣ የተኛ ነው የሚመስለው፣ ጥቁሯ ግን ትመጣለች፣ ስታየው ትቆማለች፣ አይኗን ታዞራለች፣ ከዛ ዝቅ ብላ ግድግዳውን ተጠግታ ትመለሳለች። ማንም ማንንም አልነካም። ከሳምንታት በኋላ አልጋ ላይ ሽንት ይገኛል፣ ባለቤቶቹም "ጥቁሯ ባለጌ ሆነች" ይላሉ፣ እሷ ግን ወደ ሳጥኑ የምትደርስበት መንገድ ነው ያጣችው።

እዚህ ቤት ግራጫውን መቅጣት ምንም አይጠቅምም፣ መለወጥ ያለበት የእቃው አቀማመጥ ነው። በድመቶቹ ቁጥር ልክ ሳጥን አድርጎ አንድ መጨመር የተለመደው ምክር ነው፣ ለሶስት ድመት አራት ማለት ነው፣ ግን አራቱም አንድ ክፍል ውስጥ ከተደረደሩ አንድ ድመት በሩ ላይ ተኝቶ ሁሉንም ስለሚዘጋቸው እንደ አንድ ነው የሚቆጠሩት። ስለዚ አንዱ ሳሎን ጥግ፣ አንዱ መኝታ ቤት፣ ሌሎቹ ሁለቱም ሌላ ሌላ ቦታ ይሁኑ። ሳህኖቹም እንደዛው የተለያየ ክፍል ውስጥ ወይም ቢያንስ ሲበሉ እርስ በርስ የማይተያዩበት ቦታ ይቀመጡ፣ ፈሪዋ ድመት ደግሞ ስትበላ በሩን ማየት ትችል፣ ጀርባዋን ለበር ሰጥታ የምትበላ ድመት ሁለት ጉርሻ በልታ ዞር ትላለች። ውሃውም ከምግቡና ከሳጥኑ ራቅ ብሎ ከአንድ በላይ ቦታ ይኑር።

መኝታ ላይ ዋናው ነገር ከፍታ ነው። ወለሉ ጠባብ ቢሆንም መደርደሪያና ቁም ሳጥን ላይ ቦታ ከተፈጠረ ቤቱ ለነሱ ይሰፋል፣ ግን መውጫው አንድ ብቻ የሆነ ከፍታ ወጥመድ ነው፣ ሌላዋ ከታች ከጠበቀች የላይኛዋ መውረድ አትችልም። ስለዚ ከፍታው በሌላ ጎኑም የሚወረድበት ነገር ይኑረው። አንድ ትልቅ ፍራሽ ከመግዛት ለአንድ ድመት ብቻ የምትበቃ ትንሽ መኝታ የተለያየ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል።

ውጥረት መኖሩን የሚናገሩት ትንንሽ ለውጦች ናቸው፦ ምግብ ተሻምታ ውጣ የምትሮጥ፣ ቀኑን ሙሉ አልጋ ስር የምትውል፣ ሌላዋ ክፍል ስትገባ የምትወጣ፣ ሆዷን እስኪመለጥ የምትልስ፣ ቆማ ግድግዳ ላይ ሽንት የምትረጭ። አብረው ያደጉ ድመቶች እንኳን ሁለት ሶስት አመት ሲሞላቸው መራራቅ ሊጀምሩ ይችላሉ፣ ስለዚ "ድሮ ይዋደዱ ነበር" የሚለው ዋስትና አይሆንም። ሽንት ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ጭንቀት የሽንት ፊኛን ያሳብጣል፣ የሽንት ህመምም ራሱ ሳጥን ያስጠላል፣ ስለዚ መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይያት። ወንድ ድመት ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብሎ እያማጠ ሽንት ካልወጣው ደግሞ ሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በዛው ሰዓት ወደ ህክምና መወሰድ አለበት፣ ለነገ አይባልም።

ጠቡ ወደ መነካከስ ከደረሰ "ይለይላቸው" ብሎ መተው ያባብሰዋል፣ እጅ ማስገባትም አደገኛ ነው። መሀላቸው ካርቶን ወይም ትራስ አስገብቶ መለየት፣ ከዛ የተለያየ ክፍል አድርጎ የተኙበትን ጨርቅ እያቀያየሩ ሽታ ማላመድ፣ ቀጥሎ በተዘጋው በር ግራና ቀኝ ማብላት ነው። ሁለቱም በሩ ስር ተረጋግተው ሲበሉ በሩ ትንሽ ይከፈታል፣ አንዷ ካፈጠጠች ወይ መብላት ካቆመች ተመልሶ ይዘጋል።