የተተካ ራስን ከአንገትና ከደረት ቆዳ ጋር ማዋሃድ

ራስን መተካት በፎቶግራፍ አርትዖት የአንድን ሰው ራስ ከአንድ ፎቶ ቆርጦ በሌላ ፎቶ ላይ ካለ አካል ጋር ማገናኘት ነው። ሥራው ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው፤ በአሜሪካ የታወቀ አንድ የአብርሃም ሊንከን የቁም ምስል አካሉ የደቡቡ ፖለቲከኛ የጆን ካልሁን ነው። ሕትመቱ ጥቁርና ነጭ ስለ ነበር ሠሪው በቆዳ ቀለም አልተቸገረም። በዛሬው ባለ ቀለም ፎቶ ግን፣ በተለይ ልብሱ ደረትን የሚያሳይ ከሆነ፣ ሥራውን የሚያጋልጠው አንገት ነው።

ጀማሪዎች የሚሳሳቱት የጉንጭን ቀለም ወስደው አንገት ላይ በመቀባት ነው። በአንድ ሰው ገላ ላይ እንኳን ፊት፣ አንገትና ደረት አንድ ዓይነት አይደሉም። ከአገጭ በታች ጥላ አለ፤ ደረት ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል ወይም ይቀላል። ስለዚህ ብርሃን ያረፈበትን ከብርሃን፣ ጥላውን ከጥላ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።

በፎቶሾፕ ቀለም መምረጫውን 5 by 5 Average ላይ አድርጎ አራት ቦታ መለካት ይበቃል። ራሱ በአምፖል ብርሃን፣ አካሉ ደጅ ጥላ ሥር ተነሥቷል እንበል። የጉንጩ ብሩህ ክፍል ቀይ 168፣ አረንጓዴ 112፣ ሰማያዊ 76 ሲሆን የደረቱ 150፣ 108፣ 90 ነው። የፊቱ ጥላ 84፣ 50፣ 32፤ የአንገቱ ጥላ 70፣ 47፣ 40 ነው። ቁጥሮቹ ፊቱ ከደረቱ ይልቅ ወደ ቀይና ቢጫ እንደሚያደላ ይናገራሉ። እጆቹም በፎቶው ስለሚታዩ የሚስተካከለው ራሱ ነው፤ ደረቱን ብቻ ከነካን እጆቹ የሌላ ሰው ይመስላሉ። በራሱ ላይ ብቻ እንዲሠራ የታሰረ Curves የተባለው የቀለምና የድምቀት ማስተካከያ ይከፈትና በቀዩ መስመር 168 ወደ 150፣ 84 ወደ 70 ይወርዳል፤ በሰማያዊው 76 ወደ 90፣ 32 ወደ 40 ይወጣል። አረንጓዴው ጥቂት ብቻ ዝቅ ይላል። ቁጥሮቹ ፍጹም እኩል እንዲሆኑ መታገል ትርፍ ድካም ነው፤ ፊት ከደረት በመጠኑ መለየቱ ተፈጥሯዊ ነው።

መገጣጠሚያው በአንገት መካከል ሳይሆን ከአገጭ በታች ባለው ጥላ ውስጥ ቢገባ ይሻላል። የአካሉ ባለቤት አገጭ የጣለው ጥላ ለአዲሱ አገጭ ካልገጠመ የማዋሃጃ ስልቱ Multiply በሆነ፣ ማለትም ከሥሩ ያለውን በሚያጠቁር ንብርብር እንደገና ይሣላል። ለዚህ ጥቁር ቀለም መጠቀም አንገትን ጥላሸት የነካው ያስመስለዋል፤ ከአንገቱ ጥላ የተወሰደ ቡናማ ይበጃል።

ውጤቱን ለመፈተሽ ፎቶውን ለጊዜው ጥቁርና ነጭ ማድረግ የድምቀት ልዩነትን ያወጣዋል። አሳንሶ ማየትም ይረዳል፤ ተጠግተው ሲሠሩ የማይታየው የቀለም ድንበር ሲርቅ ይጎላል። ቀለሙ ገጥሞ አሁንም ራሱ የተለጠፈ ከመሰለ የፎቶዎቹን ቅንጣት ማየት ነው፤ ጥርት ያለ ፊት በሻካራ ደረት ላይ አይቀመጥም። ለዚህ በፊቱ ላይ ጥቂት Add Noise መጨመር ይበቃል። ብርሃኑ ፊትን ከግራ፣ ደረትን ከቀኝ ከመታ ግን ቀለም ማስተካከል አያድነውም፤ ሌላ ፎቶ መፈለግ ነው።