ከገቢ ሠንጠረዥ ጊኒንና ድህነትን ስንለካ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«የመጨረሻው መደብ ጣሪያ ስለሌለው፣ ከጎኑ ያለውን መደብ ስፋት ተውሼ አጋማሹን እወስዳለሁ»

ጊኒ የገቢ ልዩነትን ከ0 እስከ 1 የሚለካ ቁጥር ነው፤ 0 ሁሉም እኩል ያገኛሉ ማለት ሲሆን፣ ወደ 1 ሲጠጋ ልዩነቱ ይሰፋል። ብዙ ስሌት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለመለማመጃ ያህል፣ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ቀበሌ የ100 ቤተሰቦች ወርሃዊ ገቢ እንዲህ ተመዘገበ እንበል።

| ገቢ (ብር) | ቤተሰብ | የመደቡ ጠቅላላ ገቢ (ብር) | ድምር ድርሻ፦ ቤተሰብ | ድምር ድርሻ፦ ገቢ |
|---|---|---|---|---|
| ከ4,000 በታች | 20 | 60,000 | 0.20 | 0.06 |
| 4,000–8,000 | 40 | 240,000 | 0.60 | 0.30 |
| 8,000–12,000 | 25 | 250,000 | 0.85 | 0.55 |
| 12,000–20,000 | 10 | 150,000 | 0.95 | 0.70 |
| ከ20,000 በላይ | 5 | 300,000 | 1.00 | 1.00 |

መደቦቹ ከዝቅተኛው ገቢ ወደ ከፍተኛው መደርደር አለባቸው። ከዚያ በእያንዳንዱ ረድፍ የዚያን ረድፍና ከላዩ ያለውን ረድፍ የገቢ ድምር ድርሻ ደምረን በመደቡ የቤተሰብ ድርሻ እናባዛዋለን፤ ለመጀመሪያው ረድፍ ከላዩ ያለው 0 ነው። ለሁለተኛው ረድፍ 0.40 × (0.30 + 0.06) = 0.144 ይሆናል። የአምስቱ ረድፎች ብዜት ሲደመር 0.5785 ይመጣል፤ ከ1 ሲቀነስ ጊኒው 0.42 ነው።

አሁን የላይኛው መደብ ጠቅላላ ገቢ አልተሰጠንም፣ መደቡም ከ20,000 እስከ 28,000 ነው ብለን አጋማሹን 24,000 ወሰድን እንበል። አምስቱ ቤተሰቦች በእውነት በአማካይ 60,000 ያገኛሉ፤ በእኛ ግምት ግን ገቢያቸው ከግማሽ በታች ወረደ። ሌላውን ሁሉ ሳንነካ ጊኒው ወደ 0.31 ይወርዳል። አምስት ቤተሰብ ብቻ ይህን ያህል ይለውጠዋል!

ስህተቱን ማወቂያው ቀላል ነው። የላይኛውን መደብ በአጋማሹ ወስደን የተገኘውን የሁሉንም መደቦች ጠቅላላ ገቢ (እዚህ 820,000 ብር) በመጠይቁ ከተመዘገበው ጠቅላላ (1,000,000) ጋር አስተያዩት፤ ጉድለቱ የላይኛው መደብ ነው። ጠቅላላውም ካልተመዘገበ፣ ለላይኛው መደብ ሁለት ሦስት የተለያዩ አማካዮችን ሞክራችሁ የተገኙትን ጊኒዎች ሁሉ ጻፉ። አንዱን ብቻ መርጦ ማቅረብ አንባቢን ማሳሳት ነው።

«የድህነት መስመሩ መደብ መሀል ላይ ከወደቀ፣ መደቡን ሙሉ እቆጥራለሁ ወይም ሙሉ እተወዋለሁ»

መስመሩን 5,000 ብር እናድርገው። ሁለተኛውን መደብ ሙሉ ከቆጠርን ድሆቹ 60 በመቶ፣ ከተውነው 20 በመቶ ይሆናሉ። የ40 ነጥብ ልዩነት የመጣው ከሕዝቡ ኑሮ ሳይሆን ከቆጣሪው ውሳኔ ነው። መስመሩ ከመደቡ ወለል 1,000 ብር ገብቷል፤ የመደቡ ስፋት 4,000 ነው። ስለዚህ ከ40ው ቤተሰብ ሩቡን፣ ማለትም 10 እንወስዳለን፦ 20 + 10 = 30 በመቶ።

ይህ የሚሠራው ቤተሰቦቹ በመደቡ ውስጥ በእኩል ከተበተኑ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በተቀራራቢ ደመወዝ የሚሠሩ ሠራተኞች የሚበዙበት ሰፈር ከሆነ ግን ገቢው አንድ ቦታ ይከማቻል። ያ ክምችት ከ5,000 ትንሽ ከፍ ብሎ ከሆነ ድሆቹን አብዝተን እንቆጥራለን፤ ትንሽ ዝቅ ካለ ደግሞ አሳንሰን። በዚህ ጊዜ መደቡን በ500 ብር ከፋፍሎ እንደገና መቁጠር ይሻላል።

ሌላው ስውር ስህተት ቤተሰብን እንደ ሰው መቁጠር ነው። በየመደቡ የቤተሰብ አማካይ አባላት ከታች ወደ ላይ 6፣ 5፣ 4፣ 4 እና 4 ቢሆኑ፣ ጠቅላላው ሕዝብ 480 ነው። ከመስመሩ በታች ያሉት 120 + 50 = 170 ሰዎች ናቸው። ይህ 35 በመቶ እንጂ 30 አይደለም፤ ድሃው ቤተሰብ ትልቅ ስለሆነ። እርግጥ ለስድስት ሰው 5,000 ብር ለአራት ሰው እንደሚሆነው አይሆንም። ስለዚህ ከተቻለ መደብ ከማውጣት በፊት ገቢውን ለአንድ አዋቂ ሰው ወደሚደርስ መጠን መለወጥ ይሻላል። የአገሪቱ ይፋዊ ልኬትም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ እሱ ግን የሚለካው ገቢን ሳይሆን ፍጆታን ነው።

«መደቦቹ ቢያንሱም ጊኒው ያው ነው»

አይደለም። የላይኛውን ሠንጠረዥ ወደ ሦስት መደብ ብናጥፈው (ከ8,000 በታች፣ ከ8,000 እስከ 20,000፣ ከዚያ በላይ) ጊኒው ከ0.42 ወደ 0.385 ይወርዳል። ስሌቱ በአንድ መደብ ያሉትን ሁሉ እኩል ያገኛሉ ብሎ ስለሚወስድ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ይጠፋል። ስለዚህ የየመደቡ ጠቅላላ ገቢ ትክክል እስከሆነ ድረስ ከመደብ የተሰላ ጊኒ ሁልጊዜ ዝቅተኛው ግምት ነው። ባለ አምስት መደቡን የሐዋሳ ውጤት ከሌላ ከተማ ባለ ዐሥር መደብ ውጤት ጋር ማወዳደር አይቻልም።

«ጊኒ ከጨመረ ድህነትም ጨምሯል ማለት ነው»

የሁሉም ቤተሰብ ገቢ በእጥፍ ቢያድግ የገቢ ድርሻቸው አይለወጥምና ጊኒው 0.42 እንዳለ ይቀራል፤ ከ5,000 ብር በታች የሚቀሩት ግን ከመጀመሪያው መደብ የተወሰኑት ብቻ ናቸው። በአገር ደረጃም ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ሄደው አይተናል። በ2003 ዓ.ም. ከመስመሩ በታች የነበረው ሕዝብ 29.6 በመቶ፣ የፍጆታ ጊኒው ወደ 0.30 ነበር። በ2008 ዓ.ም. ድህነቱ ወደ 23.5 በመቶ ወርዶ ጊኒው ወደ 0.33 ከፍ አለ።