የቅልጥም ሕመም፦ ትንፋሽ ሲቀድም አጥንት ሲዘገይ

መስከረም ከጠባ በኋላ የአዲስ አበባ መንገዶች ማለዳ ማለዳ በአዳዲስ ሯጮች ይሞላሉ። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሚካሄደው ይህ ውድድር 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቲሸርቱን ከሚለብሱት ብዙዎቹ ደግሞ ዓመቱን ወንበርና ታክሲ ላይ ያሳለፉ ናቸው። ልምምድ ከጀመሩ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከእነሱ የሚሰማው ስሞታ ያው ነው፦ «ቅልጥሜን እያመመኝ ነው።»

ሯጮች ሺን ስፕሊንት የሚሉት ይህ ሕመም የሚሰማው በቅልጥም አጥንት የውስጥ ጠርዝ ላይ፣ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ ነው። ጠርዙን በአውራ ጣት እየተጫኑ ወደ ላይ ቢወጡ ሕመሙ አንድ ቦታ ላይ አይቆምም። ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይዘልቃል። መጀመሪያ ላይ ሩጫው ሲነሳ ያምና ሰውነት ሲሞቅ ይጠፋል፤ ከዚያ ሲያርፉ ተመልሶ ይመጣል። ችላ ከተባለ ግን ሩጫው እስኪያልቅ አይለቅም፤ ቆይቶ ደረጃ መውጣትም ያስቸግራል።

እግር መሬት በረገጠ ቁጥር አጥንቱ በጥቂቱ ይታጠፋል፤ የባት ጡንቻዎችም ይጎትቱታል። አጥንት ለዚህ ጫና የሚሰጠው መልስ ራሱን ማደስ ነው። ግን አሮጌውን ክፍል መጀመሪያ ያፈርሳል፣ አዲሱን የሚገነባው ቀጥሎ ነው፤ ይህ ደግሞ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ልብና ሳንባ ግን ቶሎ ይለምዳሉ። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ትንፋሹ ሲስተካከልለት «አሁን ገና ተነሳሁ» ብሎ ርቀት ይጨምራል፤ አጥንቱ ግን ገና ፈርሶ አልተሠራም።

በቀን 20 ደቂቃ ብቻ የሚራመድ አንድ የቢሮ ሠራተኛ እናስብ። በመጀመሪያው ሳምንት በየማለዳው 5 ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ ይሮጣል። በሁለተኛው ቁልቁለት ይጨምራል። በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ ቅልጥሙ ያስነክሰዋል። ስህተቱ አስፋልቱ ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ መሮጡ ለአጥንቱ የእረፍት ቀን አሳጥቶታል። እግሩ ጠፍጣፋ ከሆነ ወይም ክብደቱ ከበዛ ደግሞ ይብስበታል።

እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ጋ ነው። ሕመሙ እንዲህ በሰፊው የተዘረጋ ሆኖ ለስለስ ያለ የባት ማሸት ቢያገኝ ጉዳት ላይኖረው ይችላል። ሕመሙ በአንድ ጣት የሚጠቆም ቦታ ላይ ከሆነ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ወይም በአንድ እግር መዝለል ካቃተው ግን አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ በኃይል ማሸት አይገባም። ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ራጅ መጀመሪያ አካባቢ ስንጥቁን ላያሳይ ስለሚችል «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብሎ ወደ ሩጫ መመለስም አያዋጣም። ሲሮጡ ባት ተወጥሮ እግር የሚደነዝዝ ከሆነም ሌላ ችግር ነው፤ መታየት አለበት።

ሺን ስፕሊንት ከሆነ ሩጫው ይቆማል፣ እንቅስቃሴው ግን መቆም የለበትም። ብስክሌትና ዋና ይቻላል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ መያዝ ሕመሙን ያቀልላል። ማስታገሻ ክኒን ውጦ መሮጥ ግን የሚያስጠነቅቀውን ምልክት ማፈን ነው።

30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ሲራመድ ምንም ካላመመው መመለስ ይጀምራል። አንድ ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ መራመድ፣ ይህን አሥር ጊዜ መድገም፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየመሃሉ አንድ ቀን እያረፉ። አንድ ሳምንት ያለ ሕመም ካለፈ ሁለት ሮጦ አንድ መራመድ ይከተላል። «በሳምንት ከ10 በመቶ በላይ አትጨምር» የሚለውን ታዋቂ ምክር እንደ ሕግ አላየውም፤ ለጀማሪ ከቁጥሩ ይልቅ የማግስቱ ጠዋት ይሻለዋል። ስትነሳ የቅልጥምህን የውስጥ ጠርዝ ተጫነው። ከትናንት የባሰ ካመመህ አንድ ደረጃ ውረድ፤ ካልባሰ ቀጥል። ርቀትና ፍጥነት ወይም ዳገት በአንድ ሳምንት አብረው አይጨመሩም።

እርምጃን አጠር፣ ቶሎ ቶሎ ማድረግም ጫናውን ይቀንሳል። ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ መጀመሪያ ጉልበትን ቀጥ አድርጎ፣ ቀጥሎ አጠፍ አድርጎ፣ ባትን ያጠነክራል። አሮጌ ሸራ ጫማ ሶሉ ከተጣመመ መቀየር አለበት፤ አዲስ ጫማ ግን የተጣደፈ ፕሮግራምን አያካክስም።

ውድድሩ አራት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ልምምድ የሚጀምር ሰው 10 ኪሎ ሜትሩን በሙሉ ለመሮጥ ባያስብ ይሻላል። ሜዳውን ሮጥ፣ ተራመድ እያደረገ ቢጨርሰው የሚታዘበው የለም፤ ከኋላ የሚመጣው ሕዝብ ብዙው የሚያደርገው እሱን ነው።