የትራፊክ መብራቱ 11 ላይ ቢገኝስ?

መብራቱ ሦስት ሁኔታ ብቻ አለው፤ ግን ሁለት ፍሊፕ-ፍሎፕ አራት ኮድ ይሰጣል። አረንጓዴን 00፣ ቢጫን 01፣ ቀይን 10 እንበል። 11 ትርፍ ነው። ብዙ ተማሪ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው።

የሁኔታ ሰንጠረዡ አጭር ነው፦ 00 ወደ 01፣ 01 ወደ 10፣ 10 ደግሞ ተመልሶ ወደ 00። ዲ ፍሊፕ-ፍሎፕ በክሎኩ ምት መግቢያው ላይ ያለውን ይይዛል። ስለዚህ የቀጣዩ ሁኔታ ዓምድ ራሱ መግቢያው ነው፤ ሌላ ሰንጠረዥ አያስፈልግም። የ11ን ረድፍ በዶንት ኬር (X) ሞልተን ስናቃልል ይህ ይወጣል፦

```
D1 = Q0
D0 = Q1'·Q0'
```

X ማለት ግን "አይደርስም" ማለት አይደለም። ኃይል ሲበራ ፍሊፕ-ፍሎፖቹ 11 ላይ ሊነሱ ይችላሉ። ያኔ ቀመሩ X የነበረውን ወስኖታል ማለት ነው። Q1=1፣ Q0=1 ብለን እናስገባ፦ D1=1፣ D0=0። ቀጣዩ 10፣ ማለትም ቀይ ነው። ጥሩ ዕድል ነው!

በጄኬ ስንሠራው መልሱ ይለወጣል፦

```
J1 = Q0    K1 = 1
J0 = Q1'   K0 = 1
```

አሁን 11 በቀጥታ ወደ 00 ይሄዳል፤ አረንጓዴ በራ ማለት ነው። መንገድ ላይ ይህ አደገኛ ነው። እኔ በጄኬ ስሠራ X ትቼ የ11ን ቀጣይ ራሴ 10 ብዬ እሞላለሁ። ያኔ K1 = Q0' ይሆናል፤ ዋጋው ይኸው ብቻ ነው።