ካሬያዊ ቀሪ ምንድን ነው? ካሬዎችን ዘርዝሮ መለየት

አንድን ሙሉ ቁጥር በራሱ አባዝተን ውጤቱን ለ23 ብናካፍል 10 ሊተርፍ ይችላል? ከ1 እንጀምር። የ1 ካሬ 1 ስለሆነ የሚተርፈው 1 ነው። ከ2 የሚተርፈው 4፣ ከ3 ደግሞ 9 ነው። የ5 ካሬ 25 ስለሆነ 2 ይተርፋል። እንዲህ እያልን መቀጠል እንችላለን፤ ግን መቼ እናቆማለን? አንድ ሺህ ቁጥር ሞክረን 10 ባይመጣ፣ በአንድ ሺህ አንደኛው እንደማይመጣ በምን እናውቃለን?

ከ11 ሙከራ በላይ አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ሊመጣ የሚችል አዲስ ቀሪ የለም፤ እስከዚያ ያልመጣ ቁጥር ለዘለዓለም አይመጣም። ማለቂያ የሌለውን ጥያቄ በአንድ አጭር ዝርዝር መዝጋት መቻሉ እኔን ዛሬም ድረስ ያስደንቀኛል።

አስቀድመን ስያሜውን እናጥራ። አንድ ቁጥር «ሞዱሎ 23 ካሬያዊ ቀሪ ነው» የሚባለው፣ ለ23 ሲካፈል ያንኑ ቁጥር የሚያስተርፍ ካሬ ሲገኝ ነው። እንዲህ ያለ ካሬ ከሌለ ቁጥሩ «ካሬያዊ ያልሆነ ቀሪ» ይባላል። ዜሮ ለብቻው ስለሚታይ ከሁለቱም ወገን አይቆጠርም። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፦ 2 ሞዱሎ 23 ካሬያዊ ቀሪ ነው ሲባል «የ2 ካሬ ሥር ሙሉ ቁጥር አይደለም እኮ!» ይላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የምንጠይቀው ስለ ራሱ ስለ 2 ሳይሆን 2ን ስለሚያስተርፉ ቁጥሮች በሙሉ ነው። 2፣ 25፣ 48፣ 71 እያልን በ23 እየዘለልን ስንሄድ ከመካከላቸው አንዱ ካሬ ከሆነ ይበቃል። 25 ካሬ ነው፤ ስለዚህ 2 ካሬያዊ ቀሪ ነው።

አሁን 11 ለምን እንደሚበቃ እንይ። በመጀመሪያ፣ የካሬው ቀሪ የሚወሰነው በቁጥሩ ቀሪ ብቻ ነው። 24 ማለት 23 ሲደመር 1 ስለሆነ ካሬው ልክ እንደ 1 ካሬ 1 ያስተርፋል። በዚህ ምክንያት ከ1 እስከ 22 ያሉትን ማየት ብቻ ይቀራል። ቀጥሎ፣ እነዚህም ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ፦

```
(23 − k)² = 23² − 2·23·k + k²
```

በቀኝ በኩል ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ለ23 ያለ ቀሪ ይካፈላሉ፤ የሚቀረው የk ካሬ ነው። ስለዚህ 22 እንደ 1፣ 21 እንደ 2 እያለ ይሄዳል፤ 12 ደግሞ እንደ 11 ይሆናል። ከ1 እስከ 11 ያሉትን ካሬ ካደረግን ሁሉንም አዳረስን ማለት ነው።

ዝርዝሩን ለማዘጋጀት ትልልቅ ቁጥሮችን ማባዛት አያስፈልግም። ተከታታይ ካሬዎች የሚለያዩት በጎዶሎ ቁጥሮች ነው፦ ከ1 ወደ 4 ለመድረስ 3፣ ከ4 ወደ 9 ለመድረስ 5፣ ከ9 ወደ 16 ለመድረስ 7 እንጨምራለን። ስለዚህ በየደረጃው ቀጣዩን ጎዶሎ ቁጥር እየደመርን፣ 23 ሲሞላ 23 እንቀንሳለን። ከ16 በኋላ 9 ስንደምር 25፣ ማለትም 2 እናገኛለን። 11 ስንደምር 13 ይሆናል። 13 ስንደምር 26፣ ማለትም 3። 15 ስንደምር 18። 17 ስንደምር 35፣ ማለትም 12። 19 ስንደምር 31፣ ማለትም 8። 21 ስንደምር 29፣ ማለትም 6። ሙሉው ዝርዝር ይህ ነው፦

```
k :   1  2  3  4  5  6  7  8  9 10 11
k²:   1  4  9 16  2 13  3 18 12  8  6
```

አንድ እርምጃ እንለፍና ምን እንደሚሆን እንይ። ከ21 ቀጥሎ ያለው ጎዶሎ ቁጥር ራሱ 23 ነው። 23 ደምረን 23 ስንቀንስ ያው 6 ላይ እንቆያለን። ቀጥሎ 25 ስንደምር 8፣ 27 ስንደምር 12 ይመጣል፤ ዝርዝሩ በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ ማለት ነው። ቀደም ሲል በፎርሙላ ያየነውን ጥምረት እዚህ በዓይናችን እናየዋለን።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በታችኛው መስመር ላይ 10 የለም። ስለዚህ 10፣ 33፣ 56፣ 79 እያልን የፈለግነውን ያህል ብንርቅ ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱም ካሬ አይሆንም። ልብ በሉ፣ የምንፈልገው በታችኛው መስመር ነው። 10 በላይኛው መስመር ላይ አለ፤ ያ ግን 10ን ካሬ ስናደርግ 8 እንደሚተርፍ ብቻ ነው የሚነግረን። ሁለቱን መስመሮች ማምታታት በጀማሪዎች ዘንድ በብዛት የሚታይ ስህተት ነው።

13ን ብንፈልግ ግን በ6 ሥር እናገኘዋለን፤ ጥምሩ 17ም ያንኑ ይሰጣል። የ17 ካሬ 289 ነው፤ 276 ሲቀነስለት 13 ይቀራል። ትልቅ ወይም ኔጌቲቭ ቁጥር ሲመጣ በቅድሚያ ወደ ቀሪው ማውረድ ያስፈልጋል። 1000 ለ23 ሲካፈል 11 ስለሚያስተርፍና 11 በዝርዝሩ ላይ ስለሌለ መልሱ «አይደለም» ነው። ለ‑5 ደግሞ 23 ስንጨምርለት 18 ይሆናል፤ 18 በ8 ሥር ስላለ መልሱ «ነው» ይሆናል።

በእነዚህ ሁለት መልሶች መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። «ነው» የሚለው መልስ ማስረጃውን ይዞ ይመጣል፤ የ6ን ካሬ አስልቶ 13 መትረፉን ማንም ማረጋገጥ ይችላል። «አይደለም» የሚለው ግን የሚቆመው በዝርዝሩ ሙሉነትና ትክክለኛነት ላይ ነው። አንዲት የመቀነስ ስህተት በሐሰት «አይደለም» ታሰኛለች። እኔ አንድ ጊዜ የ9ን ካሬ ሳወርድ ከ81 ላይ 69 መቀነስ ሲገባኝ 68 ቀነስሁና 13 ጻፍሁ። 12 ከዝርዝሩ ጠፋ፤ በዚያ ብቀጥል ኖሮ 12 ካሬያዊ ቀሪ አይደለም ብዬ በልበ ሙሉነት እናገር ነበር። ያዳነኝ 13 ሁለት ጊዜ መጻፉ ነው።

መደጋገሙ ለምን አጋለጠኝ? ሁለት ቁጥሮች a እና b ካሬያቸው አንድ ዓይነት ቀሪ ቢኖረው፣ 23 የካሬዎቹን ልዩነት፣ ማለትም (a − b)(a + b)ን ያለ ቀሪ ያካፍላል። 23 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። ስለዚህ ብዜትን ካካፈለ ከተባዦቹ አንዱን ማካፈሉ የግድ ነው። ነገር ግን a እና b ከ1 እስከ 11 ያሉ የተለያዩ ቁጥሮች ከሆኑ ድምራቸው ከ21 አይበልጥም፣ ልዩነታቸውም ዜሮ አይሆንም። 23 ከሁለቱ አንዱንም ሊያካፍል አይችልም። በመሆኑም በዝርዝሩ ላይ ምንም መደጋገም ሊኖር አይገባም፤ ከታየ ስሌቱ ተሳስቷል። ከ22ቱ ቀሪዎች ልክ ግማሾቹ፣ 11ዱ፣ ካሬያዊ ቀሪ የሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ የሚሠራው ለጎዶሎ ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ነው። 15ን ወስደን ከ1 እስከ 7 ያሉትን ካሬ ብናደርግ 1፣ 4፣ 9፣ 1፣ 10፣ 6፣ 4 እናገኛለን። 1ም 4ም ተደጋገሙ፤ ስሌቱ ግን ትክክል ነው። 4 ሲቀነስ 1 እና 4 ሲደመር 1 እንደየቅደም ተከተላቸው 3 እና 5 ናቸው፤ ብዜታቸው 15 ነው። 15 ሁለቱንም ለየብቻ ሳያካፍል ብዜታቸውን አካፈለ። መደርደሩ ለ15ም ይሠራል፤ መደጋገምን የስህተት ምልክት አድርጎ መውሰድ ግን አይቻልም።

መደጋገም የማያጋልጣቸው ስህተቶችም አሉ። የ10ን ካሬ አውርደን በ8 ፈንታ 7 ብንጽፍ ምንም ነገር አይደጋገምም። ለዚህ የምጠቀምበት ሌላ ምስክር ድምር ነው። ከ3 ለሚበልጥ ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር፣ የካሬያዊ ቀሪዎቹ ድምር ለዚያው ቁጥር ያለ ቀሪ ይካፈላል። በእኛ ዝርዝር ድምሩ 92 ነው፤ ይህም 4 ጊዜ 23 ነው። በ8 ፈንታ 7 ቢገባ 91 ይሆንና ስህተቱ ይታወቃል። እርስ በርስ የሚጣፉ ሁለት ስህተቶች ከተሠሩ ግን ድምሩም ላያሳይ ስለሚችል፣ የመጨረሻውን ቁጥር በቀጥታ ማስላት ደስ ይለኛል፦ 11 ጊዜ 11፣ 121፤ 115 ሲቀነስለት 6። በመደመር ከደረስንበት ጋር ገጠመ።

ዝርዝሩ በትንንሽ ብቸኛ ቁጥሮች ላይ ምቹ ነው። ለ101 እንኳ 50 ካሬዎችን መጻፍ ትዕግሥት ላለው ሰው አይከብድም። ብቸኛው ቁጥር ሃያና ሠላሳ አሃዝ ሲኖረው ግን ግማሹን ያህል ካሬ መጻፍ ለኮምፒውተርም አይሞከርም። ያኔ የኦይለርን መመዘኛ እንጠቀማለን። ቁጥሩን ለራሱ ደጋግመን እናባዛዋለን፤ የምናባዛው ዝርዝሩ ሊኖረው የሚገባውን ርዝመት ያህል ጊዜ ነው። በመጨረሻ 1 ከተረፈ ቁጥሩ ካሬያዊ ቀሪ ነው፤ ከብቸኛው ቁጥር በአንድ የሚያንሰው ከተረፈ ደግሞ አይደለም። በ10 እንሞክረው፤ የምንፈልገው የ10ን 11ኛ ርቢ ነው። አንድ በአንድ ከማባዛት ይልቅ ካሬ እያደረግን እንዘላለን፤ 11 ደግሞ 8 ሲደመር 2 ሲደመር 1 ነው፦

```
10²  = 100    →  8
10⁴  → 8²     = 64   → 18
10⁸  → 18²    = 324  →  2
10¹¹ → 2·8·10 = 160  → 22
```

22 ተረፈ፤ ከዝርዝሩ ያገኘነው «አይደለም» በሌላ መንገድ ተረጋገጠ። በ13 ብንሞክር 1 ይተርፋል፤ ሆኖም መመዘኛው የሚያቆመው «ነው» በማለት ላይ ነው። የትኛው ቁጥር ካሬ ሲደረግ 13 እንደሚያስተርፍ አይናገርም። ዝርዝሩ ግን 6ን ከ13 በላይ ጽፎ ያሳየናል።